የሰኔ ሽያጭ፣ የመስከረም ብር፦ ገቢዎ ግብር የሚቆጠርበትን ጊዜ ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ የብረትና የእንጨት ሥራ ቤት ያለው ደንበኛ አለኝ። ሰኔ 20 ቀን ለአንድ ትምህርት ቤት 60 ኮምባይንድ ዴስክ አስረከበ። የአንዱ ዋጋ 4,000 ብር ነው፤ ጠቅላላው 240,000 ብር። ቫቱን እዚህ አላስገባሁም፣ የራሱ የጊዜ ደንብ ስላለው ለብቻው የሚታይ ነው። ገንዘቡ የተከፈለው መስከረም 8 ነው። የግብር ዓመቱ ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል።

ሐምሌ ላይ ሂሳቡን ልዘጋለት ደሴ ቢሮዬ ሲመጣ ስለ ዴስኮቹ ጠየቅሁት። «አብሽሪ እህቴ፣ ብሩ ገና አልገባም። ሲገባ በአዲሱ ዓመት እንመዘግበዋለን» አለኝ። ክፋት የለበትም። ከልቡ ነው እንደዚያ የሚያምነው። ችግሩ እሱ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ መሆኑ ነው።

ስህተት 1፦ «ብር ካልገባ ገቢ የለም» ብሎ ማሰብ

ይህ አባባል ልክ የሚሆነው በካሽ ቤዝ ሂሳብ ለሚይዝ ሰው ብቻ ነው። በካሽ ቤዝ ገቢ የሚቆጠረው ገንዘቡ እጅ ሲገባ ነው፤ ወጪም የሚቆጠረው ሲከፈል ነው። በአክሩዋል ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ሥራው ተሠርቷል? ዕቃውን አስረክበሃል? ገንዘቡን የመጠየቅ መብት አግኝተሃል? መልሱ አዎ ከሆነ ገቢው የዚያን ቀን ተገኝቷል። ብሩ ስድስት ወር ቢዘገይም «ተሰብሳቢ» ሆኖ ይመዘገባል እንጂ ከዓመቱ ገቢ አይወጣም።

የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን ተከትሎ መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። የእነዚህ ደረጃዎች መሠረት አክሩዋል ነው። ስለዚህ የደንበኛዬ 240,000 ብር የሰኔ ገቢ ነው፤ የመስከረሙ ቼክ ተሰብሳቢውን መዝጊያ ብቻ ነው።

ደረሰኙን መስከረም ላይ ቢቆርጠውስ? አያድነውም፤ ጭራሽ ሌላ ጥፋት ይጨምርበታል። የትምህርት ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ዴስኮቹን ሲረከብ ሞዴል 19 ቆርጧል። ሞዴሉ ላይ ያለው ቀን ሰኔ 20 ነው። ኦዲተር የሚያየው ያንን ወረቀት ነው። የማስረከቢያው ቀን ሰኔ፣ የደረሰኙ ቀን መስከረም ሆኖ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይኸው ልዩነት ነው።

ስህተት 2፦ ገቢውን በካሽ፣ ወጪውን በአክሩዋል መያዝ

ብዙ መዝገብ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ረጋ ብለን እንየው።

ለዴስኮቹ የገባው ብረት፣ እንጨትና ጉልበት 150,000 ብር ፈጅቷል። ከዚህ ውስጥ 90,000 ብሩን ሰኔ ላይ ከፍሏል። የቀረውን የ60,000 ብር ብረት ደሴ ካለ ሱቅ በዱቤ አምጥቶ ሐምሌ ላይ ነው የከፈለው።

በአክሩዋል ከሆነ ነገሩ አጭር ነው። ገቢው 240,000፣ ወጪው 150,000፣ ትርፉ 90,000 ብር። ሁሉም ሰኔ 30 በተዘጋው ዓመት ውስጥ ይወድቃል።

በካሽ ቤዝ የሚይዝ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ በተዘጋው ዓመት ከዚህ ሥራ ገቢው ዜሮ፣ ወጪው 90,000 ነው። በአዲሱ ዓመት ገቢው 240,000፣ ወጪው 60,000 ይሆናል፤ ማለትም 180,000 ትርፍ። ሁለቱን ዓመት ደምሩት፤ ያው 90,000 ብር ነው። ዘዴው ትርፉን አይቀንሰውም። የሚቀይረው የትኛው ዓመት ላይ እንደሚያርፍ ነው።

ደንበኛዬ ግን ያመጣው ሦስተኛ ዓይነት ነበር። ዴስኮቹን «ብሩ አልገባም» ብሎ ከገቢ አውጥቷቸዋል። በዱቤ የወሰደውን ብረት ግን «ዕዳ አለብኝ» ብሎ ወጪ ላይ አስገብቶታል። በዚህ አያያዝ የሰኔው ዓመት 150,000 ብር ኪሳራ ያሳያል። ይህ ካሽም አይደለም፣ አክሩዋልም አይደለም። ለብረት ሻጩ ያለበት ዕዳ የሰኔ ከሆነ የትምህርት ቤቱም ዕዳ የሰኔ ነው። የራሳችሁን መዝገብ ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፤ ያልተከፈለ ወጪ መዝግባችሁ ያልተሰበሰበ ሽያጭ ከሌላችሁ፣ በዱቤ የምትሸጡ ከሆነ፣ አንድ ነገር ተቀላቅሏል።

ስህተት 3፦ «ካሽ» ማለት በእጅ የተቆጠረ ብር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ

በካሽ ቤዝ ለሚይዙት ነው ይሄ። ባንክ የገባ፣ በቴሌብር የተላከ፣ በልጃችሁ አካውንት እንዲገባ ያደረጋችሁት፣ ሁሉም ተቀብላችኋል ነው የሚባለው። ትምህርት ቤቱ ሲከፍል ዊዝሆልዲንግ ቢቀንስም ገቢው ሙሉው 240,000 ብር ነው። የተቀነሰው በስማችሁ ቀድሞ የተከፈለ ግብር ስለሆነ፣ ደረሰኙን ይዛችሁ ከዓመቱ ግብር ላይ ታስቀንሱታላችሁ። የተጣራውን ብቻ ገቢ ብሎ መመዝገብም፣ ደረሰኙን መጣልም ያከስራል።

ቀብድም እዚህ ጋ ይነሳል። ሰኔ ላይ ለጥቅምት ሠርግ ቁም ሳጥንና አልጋ አዘው 20,000 ብር ቀብድ ከሰጧችሁ፣ በካሽ ቤዝ የሰኔ ገቢ ነው። በአክሩዋል ግን አልጋው ገና አልተሠራም። ቀብዱ እስክታስረክቡ ድረስ የደንበኛው ገንዘብ፣ የእናንተ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል። በአክሩዋል የሚይዙ ብዙዎች ይህን ሳያውቁ ያላገኙትን ገቢ አስመዝግበው ቀድመው ግብር ይከፍላሉ። ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማንም መጥቶ አይነግራቸውም።

ስህተት 4፦ የማይከፈል ዱቤን ያለ ማስረጃ መሰረዝ

አንድ ካፌ 30,000 ብር የሚያወጣ ወንበር በዱቤ ወሰደ እንበል። ከዚያ ዘግቶ ጠፋ። «ይህን ኪሳራ ከግብሬ አስቀንሱልኝ» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

በካሽ ቤዝ የሚይዝ ሰው ይህን መጠየቅ አይችልም። 30,000 ብሩን መቼም ገቢ ብሎ አልመዘገበውምና የሚቀነስ ነገር የለም። የወንበሩ ማቴሪያል ሲከፈል ወጪ ሆኖ ተይዟል፤ እዚያው ያበቃል።

በአክሩዋል ግን ገንዘቡ ሳይመጣ ግብር ተቆጥሮበታል፤ ስለዚህ አዋጁ መንገድ ትቷል። ሦስት ነገር ይፈልጋል። ዕዳው ቀደም ሲል ገቢ ሆኖ መመዝገብ አለበት። በዓመቱ ውስጥ ከመዝገብ መሰረዝ አለበት። ለመሰብሰብ የሚገባው ጥረት ተደርጎ እንደማይገኝ መታወቅ አለበት። ሦስተኛው ላይ ነው የወሎ ነጋዴ የሚወድቀው። እኛ ጋ ዕዳ መጀመሪያ የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። ጥሩ ባህል ነው፣ ግን ከሽምግልናው በኋላ እጅ ላይ ወረቀት አይቀርም። ሽማግሌዎቹ የተነጋገሩትን ጽፈው ይፈርሙበት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ቀን ጽፋችሁ፣ ፊርማ አስፈርማችሁ ስጡ። ክስ ከነበረም የመዝገቡ ቅጂ ይቀመጥ።

ስህተት 5፦ ከካሽ ወደ አክሩዋል ሲሻገሩ መሐል ላይ ገቢ መጣል

ንግዱ አድጎ ደረጃው ሲቀየር የሚመጣ ነው። ደንበኛዬ እስከ ሰኔ 30 በካሽ ቤዝ ይዞ ሐምሌ 1 ወደ አክሩዋል ቢገባ ኖሮ፣ ዴስኮቹ የትም አይገኙም ነበር። በድሮው ዓመት ብሩ ስላልገባ አልተመዘገቡም። በአዲሱ ዓመት ደግሞ ሽያጩ የሰኔ ስለሆነ አይመዘገቡም። 240,000 ብር በሁለት መዝገብ መሐል ይወድቃል። ወጪም እንዲሁ ነው፤ የ60,000 ብሩ ብረት ሊጠፋ ይችላል።

ስለዚህ በመሻገሪያው ዕለት፣ ሰኔ 30 ማታ፣ ሦስት ዝርዝር ይሠራል፦ ያልተሰበሰበ፣ ያልተከፈለ፣ የተቀበላችሁት ቀብድ። እያንዳንዱ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲቆጠር ማስተካከያው የሚሠራው ከዚህ ዝርዝር ነው። ለውጡንም ለግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ አሳውቁ፤ ማህተም የተመታበትን ቅጂ ከዝርዝሩ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት።