በዶላር የተከፈለን ገቢ ለግብር እንዴት ወደ ብር እንደምንቀይር

ፒያሳ ቁጭ ብለው ለውጭ ደንበኛ ዲዛይን ወይም ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የግብር ወቅት ሲደርስ የሚያስቸግራቸው ማባዛቱ አይደለም። የየትኛው ቀን ተመን ነው የሚያዘው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ኢንቮይሶቹንና የባንክ ስቴትመንቱን ሰብስቡ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ኢንቮይስ ጎን የዕለቱን የብሔራዊ ባንክ ምንዛሪ ተመን ጻፉ። ጎግል ላይ የሚታየውን ተመን እርሱት፤ የጥቁር ገበያውማ አይነሳም። ሕጉ የሚጠቅሰው የብሔራዊ ባንክን ነው። ተመኑን ያያችሁበትን ገጽ አትማችሁ ከኢንቮይሱ ጋር አያይዙ፤ ኦዲት ሲመጣ ከማንኛውም የሒሳብ ሶፍትዌር በላይ የምትገላግላችሁ ያቺ ወረቀት ናት።

አሁን ወደ ቀኑ። ሒሳብ የምትይዙት ጥሬ ገንዘብ ሲገባ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው፤ ዶላሩ የገባበትን ቀን ተመን ውሰዱ። ሥራው ሲያልቅና ኢንቮይስ ሲላክ ገቢ የምትመዘግቡ ከሆነ ግን ሁለት ቀን አለ።

ሰኔ 25 ቀን 2016 የ2,000 ዶላር ኢንቮይስ ላካችሁ እንበል። ለስሌት እንዲመች ተመኑን 57.50 ብር እናድርገው። ገቢያችሁ 115,000 ብር ነው፤ የሚመዘገበውም ሰኔ 30 በተዘጋው ዓመት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ደንበኛው ነሐሴ ላይ ሲከፍል ተመኑ 100 ደርሷል እንበል። 200,000 ብር ሆነ ማለት ነው። የ85,000 ብሩ ልዩነት የዲዛይን ገቢ አይደለም፤ የምንዛሪ ትርፍ ነው። የሚገባውም በአዲሱ ዓመት ነው። የድሮውን ኢንቮይስ በ100 አባዝታችሁ ካስተካከላችሁ ያለፈውን ዓመት ሒሳብ ታበላሻላችሁ።

ከዚያው ላይ 500 ዶላር በውጭ ምንዛሪ አካውንት አስቀምጣችሁ በኋላ ባንኩ በ98 ቢገዛችሁ በዶላር 2 ብር፣ በድምሩ 1,000 ብር ኪሳራ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የምንዛሪ ኪሳራ ከዲዛይን ገቢ ላይ አይቀነስም፤ ከምንዛሪ ትርፍ ላይ ብቻ ነው የሚቀናነሰው። እዚህ 85,000 ስላለ ቀሪው 84,000 ይሆናል። በዓመቱ ትርፍ ከሌለ ኪሳራው ወደፊት የምንዛሪ ትርፍ እስኪመጣ ይተላለፋል። ስለዚህ ኤክሴል ላይ ለትርፍና ለኪሳራ የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው።

ሌላው የባንክ ቆረጣ ነው። 2,000 ተልኮ መሃል ያሉ ባንኮች ቆርጠው 1,975 ከገባ፣ ገቢያችሁ 2,000 ነው። 25ቱ ዶላር የአገልግሎት ወጪ እንጂ የምንዛሪ ኪሳራ አይደለም። ባንኩን ክሬዲት አድቫይስ ጠይቁት፤ ቆረጣው ከነምክንያቱ የሚታየው እሱ ላይ ነው።