የእንቁላል ካርቶን ጽሑፍ ሲነበብ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ 300 ቦቫንስ ብራውን እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረባል። እስከ ዛሬ ምርቱን የሚያስረክበው በባለ 30 ትሪ ነበር፤ በቅርቡ ግን በጣና ዳር ላሉ ሆቴሎች በባለ 12 ካርቶን አሽጎ ለማቅረብ አሰበ። ለጽሑፉ አብነት እንዲሆነው አሜሪካ ከምትኖረው እህቱ ባዶ ካርቶን አስመጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ እኛም መጻፍ እንችላለን አይደል?» አለኝ። ካርቶኑ ላይ በትልልቁ «ኬጅ ፍሪ» እና «ፍሪ ሬንጅ» ተብሎ ተጽፏል፤ በጋሻ ቅርጽ ማኅተም ውስጥ «ግሬድ ኤ» ይላል፤ በጫፉ ላይ ደግሞ 074 የሚል ቁጥርና «ኤፕሪል 28» የሚል ቀን ታትሟል። እነዚህን ቃላት ከውጭ ሸቀጥ ላይ የሚያነብም ሆነ በራሱ ምርት ላይ ሊያትም የሚያስብ ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸውን ነጥቦች ከዚያ ውይይት ተነሥቼ አንድ በአንድ አስረዳለሁ።

አንደኛ፦ «ኬጅ ፍሪ» ማለት ደጅ የሚውሉ ዶሮዎች ማለት ነው ብሎ መረዳት

ቃሉ የሚናገረው ዶሮዋ በሽቦ ኬጅ ውስጥ እንዳልተዘጋች ብቻ ነው። በአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር አገላለጽ፣ ኬጅ ፍሪ የሚባለው እንቁላል በሚጥሉበት ዘመን በቤት ወይም በተከለለ ክፍል ውስጥ እንደ ልባቸው ከሚንቀሳቀሱ፣ መኖና ውኃም ሳይገደብ ከሚያገኙ ዶሮዎች የተገኘ እንቁላል ነው። ፀሐይ እንዲያዩ ወይም ሣር እንዲረግጡ የሚጠይቅ ነገር በዚህ ውስጥ የለም። ይህ ማለት ቃሉ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ በተለመደው ኬጅ ውስጥ ለአንዲት ዶሮ የሚደርሳት ቦታ ከአንድ ኤ4 ወረቀት ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ክንፏን ዘርግታ መራመድ መቻሏ ለእርሷ ትልቅ ለውጥ ነው።

ነገር ግን ቃሉ ትርጉም የሚኖረው ኬጅ በተስፋፋበት አገር ነው። በእኛ አካባቢ ያሉ አነስተኛ አርቢዎች በአብዛኛው ዶሮዎቻቸውን የሚይዙት ጉዝጓዝ በተነጠፈበት ወለል ላይ ስለሆነ፣ የእህቴ ልጅ ምርት ዱሮውንም ኬጅ ፍሪ ነበር። ቃሉን ቢያትመው አይዋሽም፤ ሆኖም ገዢው «ከጎረቤቱ እንቁላል የተለየ ነው» ብሎ ተጨማሪ ዋጋ እንዲከፍልበት ማድረጉ ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፦ «ፍሪ ሬንጅ» በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ነገርን ያረጋግጣል ብሎ ማሰብ

ከሁሉም ይልቅ ሰውን የሚያሳስተው ይህ ቃል ነው፤ ምክንያቱም ስንሰማው በዓይናችን የሚመጣው በዘጌ የቡና ጥላ ሥር ስትጭር የምትውል የሐበሻ ዶሮ ናት። በአሜሪካው አገላለጽ ግን ፍሪ ሬንጅ ለመባል፣ ከላይ በተጠቀሰው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጨመራል፤ ይኸውም በመጣል ዘመናቸው ሁሉ ወደ ደጅ የሚያስወጣ በር መኖሩ ነው። ደጁ የታጠረና በመረብ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል። ለአንዲት ዶሮ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚገባት ግን አይወስንም። በተጨማሪም መውጫ መኖሩና ዶሮዋ በእርግጥ መውጣቷ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ብዙ ሺህ ዶሮ በያዘ ቤት ውስጥ በሩ ጥቂትና ጠባብ ከሆነ፣ ከበሩ ርቀው የሚኖሩት ዕድሜያቸውን ሁሉ ሳይወጡ ሊጨርሱ ይችላሉ።

ልዩነቱን ለማየት የእህቴን ልጅ ግቢ በሜትር ለካነው። የዶሮ ቤቱ 6 ሜትር በ8 ሜትር፣ ማለትም 48 ካሬ ሜትር ነው፤ ከፊቱ ያለው በሽቦ የታጠረ ግቢ ደግሞ 80 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአሜሪካው አገላለጽ መሠረት በሩ እስከተከፈተ ድረስ 80ም ሆነ 20 ካሬ ሜትር ቃሉን አይከለክለውም። «ሰርቲፋይድ ሂውሜን» የሚባለው የግል ማረጋገጫ ፍሪ ሬንጅ ለሚለው ቃል በደጅ ለአንዲት ዶሮ 2 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 0.19 ካሬ ሜትር ያህል፣ በቀንም ቢያንስ 6 ሰዓት ስለሚጠይቅ፣ ለ300 ዶሮ 56 ካሬ ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ግቢው በስፋት ረገድ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ለአንዲት ዶሮ 4 ካሬ ሜትር ደጅ ይጠይቃል፤ 300 በ4 ሲባዛ 1200 ካሬ ሜትር ይሆናልና ግቢው አንድ አሥረኛውን እንኳ አይሞላም። ቤቱ፣ ዶሮዎቹና በሩ ሳይለወጡ፣ ያው እንቁላል በአንዱ ሕግ ፍሪ ሬንጅ ሲሆን በሌላው አይሆንም። ስለዚህ ይህን ቃል ያየ ሰው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «በማን ልኬት?» ብሎ ነው፤ ከቃሉ አጠገብ የማረጋገጫ ድርጅት ምልክት ከሌለ፣ ስለ ስፋቱ ምንም የተነገረ ነገር የለም ማለት ነው።

ሌላም ጉዳይ አለ። ልጁ ከጭልፊት ፍርሃት የተነሣ በአንዳንድ ቀናት፣ በክረምት ደግሞ ግቢው ጭቃ ሲሆን ለሳምንታት በሩን ይዘጋል። ይህ ለዶሮዎቹ ደኅንነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ይሁን እንጂ በእነዚያ ሳምንታት የተለቀመውን እንቁላል በዚያው ቃል መሸጥ ሐሰት ይሆናል።

ሦስተኛ፦ «ግሬድ» ስለ ዶሮዋ አኗኗር ወይም ስለ ጤና ይናገራል ብሎ መቀበል

ግሬድ የሚሰጠው ለእንቁላሉ ነው፤ ያውም በታሸገበት ዕለት ለነበረው ሁኔታ። እንቁላሉ በብርሃን ፊት ሲታይ ቅርፊቱ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ መሆኑ፣ ነጩ ክፍል ወፍራም መሆኑ፣ አስኳሉ መሃል ላይ መቀመጡና በደንዳናው ጫፍ ያለው የአየር ኪስ ጥልቀት ይመረመራል። የአየር ኪሱ 3.2 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ሌላውም ከተሟላ ደብል ኤ ይባላል፤ እስከ 4.8 ሚሊ ሜትር ድረስ ኤ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቢ ይሆናል። ቢ የተባለውም ይበላል፤ ሲሰበር ተዘርግቶ ስለሚፈስ ለጥብስ ውበት አይኖረውም እንጂ።

የአየር ኪሱ የሚፈጠረው ትኩሱ እንቁላል ከዶሮዋ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ስለሚኮማተር ነው። ከዚያ በኋላ በቅርፊቱ ላይ ባሉ በሺህ በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እርጥበት እየወጣ ኪሱ ይሰፋል፤ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝም እየወጣ ወፍራሙ ነጭ ይቀጥናል። ሙቀት ሁለቱንም ያፋጥናል።

ይህን ለልጁ ለማሳየት ማታ መብራት አጥፍተን ሦስት እንቁላል በስልክ መብራት ተመለከትን። መብራቱን በደንዳናው ጫፍ ላይ አስጠግቶ እንቁላሉን ጋደል ሲያደርጉት የኪሱ ወሰን እንደ ቀለበት ይታያል፤ በእርሳስ ምልክት አድርጎ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። በዚያው ቀን ከቤቱ የተለቀመው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ለአንድ ሳምንት መደርደሪያ ላይ የቆየው የዚያው ቤት እንቁላል 5 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ከቅዳሜ ገበያ የተገዛው የሐበሻ እንቁላል ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ ባለቤቷ ለገበያ እስኪበቃት ድረስ ቀን በቀን ስታጠራቅም የቆየችው ይመስለኛል። እንግዲህ ከሁሉም በነጻነት የኖረችው ዶሮ እንቁላል በግሬድ የመጨረሻ ሆነ። ጥፋቱ የዶሮዋ አይደለም፤ በእንቅብ ውስጥ ያለፉት ቀናት ናቸው። በኬጅ ውስጥ የተጣለ እንቁላል በበኩሉ ያለ ምንም ችግር ደብል ኤ ሊሆን ይችላል።

በግሬድ ምርመራ ውስጥ ሳልሞኔላ አይፈለግም፣ የምግብ ይዘትም አይለካም። የጋሻው ማኅተም ራሱ የሚጨምረው አንድ ነገር ነው፤ የሚኒስቴሩ መርማሪ በማሸጊያው ቦታ ተገኝቶ ማየቱን። ማኅተሙ በሌለበት «ግሬድ ኤ» የሚል ጽሑፍ ያሻጊው የራሱ ቃል ነው። «ላርጅ» የሚለውም ስለ ጥራት አይናገርም፤ የደርዘኑ ክብደት ቢያንስ 24 አውንስ፣ ወደ 680 ግራም መሆኑን ብቻ ይገልጻል።

አራተኛ፦ ትልልቁን ቃል አንብቦ ትንሹን ቁጥር ማለፍ

በእኔ አስተያየት ለገዢው ከሁሉም የሚጠቅመው ማንም የማያነበው 074 ነው። ቁጥሩ እንቁላሉ የታሸገበትን ቀን ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ይቆጥራል። የጃንዋሪ 31 እና የፌብሩዋሪ 28 ቀናት 59 ስለሚሆኑ፣ 74ኛው ቀን ማርች 15 ነው፤ በእኛ መጋቢት 6። ማኅተሙ ባለበት ካርቶን ላይ የመጠቀሚያው ቀን የታሸገበትን ዕለት ጨምሮ ከ45 ቀን እንዳይበልጥ ስለተወሰነ፣ ኤፕሪል 28፣ ማለትም ሚያዝያ 20፣ የመጨረሻው ጠርዝ ነው። ሁለት ካርቶን ጎን ለጎን ቢገኙ ቁጥሩ የሚበልጠው በዚያው ዓመት ዘግይቶ የታሸገው ነው። ቁጥሩ እንቁላሉ የታሸገበት ቀን እንጂ ዶሮዋ የጣለችበት ቀን አለመሆኑን ግን መርሳት አይገባም።

እነዚያ 45 ቀናት የሚታሰቡት እንቁላሉ በ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም ከዚያ በታች እየቀዘቀዘ ነው። በአሜሪካ በዚህ ማኅተም የሚሸጥ እንቁላል ታጥቦ የሚታሸግ በመሆኑ፣ ቀዳዳዎቹን የሚደፍነው የተፈጥሮ ሽፋን ተነሥቷል፤ ያለ ቅዝቃዜ አይቆይም። እዚህ ያንን ለመምሰል እንቁላል አጥቦ በባሕር ዳር ሙቀት መደርደሪያ ላይ መደርደር፣ ካለማጠብ የከፋ ነው።

የሁዳዴን ወቅት አስቡት። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ ዶሮዎቹ መጣላቸውን አያቋርጡም፤ ገዢ ግን ይቀንሳል። በጾሙ መጀመሪያ ተለቅሞ ለፋሲካ ገበያ የቆየ እንቁላል፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ ቢሆን እንኳ ከተባለው 45 ቀን ያልፋል። በዚያ ሰሞን ካርቶኑ ላይ ማናቸውም ውብ ቃል ቢኖር፣ ቀን ከሌለበት በውኃ መፈተን ይሻላል፤ ከታች በጎኑ የተኛው ትኩስ ነው፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰንብቷል፣ የተንሳፈፈው ደግሞ በጣም አርጅቷል።

ስለ ቀለም በአጭሩ ልናገር። ቡናማ ቅርፊት የዶሮዋ ዝርያ ምልክት ነው፤ የአስኳሉ ብጫነት ከመኖዋ፣ ለምሳሌ ከቢጫ በቆሎ ወይም ከአረንጓዴ ቅጠል ይመጣል። «ሆርሞን ያልተሰጣቸው» የሚለውም በአሜሪካ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት ስለማይፈቀድ ሻጩን ከሌሎች አይለየውም።

በመጨረሻ ልጁ ከካርቶኑ ላይ «ፍሪ ሬንጅ» እና «ግሬድ ኤ» የሚሉትን አወጣ። በምትካቸው ያስቀመጠው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «በጉዝጓዝ ወለል ላይ የሚያድሩ፣ ከክረምት በቀር ቀን ወደ 80 ካሬ ሜትር ግቢ የሚወጡ 300 ዶሮዎች። ያልታጠበ። የተለቀመበት ቀን፦»። ከዚያ ቀጥሎ ቀኑን በየዕለቱ በእጁ የሚሞላበት ባዶ መስመር አለ።