ሁለቷን ከሳይን ውስጥ ብቻዋን አታውጧት

የውርውር ርቀት ጥያቄ ሳርም ደሜን የሚያፈላው አንድ ስህተት አለ። ፎርሙላው R = v² sin 2θ / g ነው። ተማሪው ሁለቷን ከሳይን ውስጥ ጎትቶ ያወጣትና 2 sin θ ብሎ ይቀጥላል። በየዓመቱ አየዋለሁ፤ ጎበዝ የሚባሉትም ይሠሩታል።

እስቲ በቁጥር እንየው። ኳስ በሰከንድ 20 ሜትር ፍጥነት፣ በ30 ዲግሪ ተወረወረ። g 10 ይሁን። v²/g 40 ይሆናል። የ60 ዲግሪ ሳይን 0.866 ስለሆነ ርቀቱ 34.6 ሜትር ነው። ሁለቷን ያወጣው ልጅ ግን 2 × 0.5 ብሎ 40 ሜትር ያገኛል። 40 ሜትር ደግሞ አያስጠረጥርም፤ ክፋቱም እሱ ነው። አሁን ያው ልጅ 90 ዲግሪ ያስገባ። 2 sin 90 ሁለት ስለሆነ 80 ሜትር ይመጣለታል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ 80 ሜትር ርቆ አረፈ ማለት እኮ ነው! እውነተኛው ኳስ አናቱ ላይ ነው የሚወድቅበት። የ180 ዲግሪ ሳይን ዜሮ ነዋ።

ሁለቷ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ሰው እዚህ ስህተት ውስጥ አይገባም። ኳሱ ወደ ላይ ያለው ፍጥነት v sin θ ነው፤ ጫፍ ለመድረስ v sin θ / g ሰከንድ ይፈጅበታል። ለመውረድም ያንኑ ያህል። ስለዚህ አየር ላይ የሚቆየው 2v sin θ / g ነው። (መውረጃውን የሚረሱ አሉ፤ መልሳቸው ሁልጊዜ ልክ ግማሽ ይሆናል።) ይህን ጊዜ በአግድም ፍጥነቱ፣ በ v cos θ፣ ስናባዛው፦

R = v² · 2 sin θ cos θ / g

አሁን sin(θ + θ)ን ዘርዝሩት። sin θ cos θ + cos θ sin θ ይወጣል፤ ይኸውም 2 sin θ cos θ ነው። በቃ፣ sin 2θ ማለት ይኼ ነው። ሁለቷ ወደ ሳይኑ የገባችው ኮሳይንን አስከትላ ነው። ካወጣችኋት ኮሳይኑም አብሯት ይውጣ።

ቀጥሎ የሚመጣው የ45 ዲግሪ ነገር ነው። «ሳይን ትልቁ 90 ላይ ስለሆነ ሩቅ የሚሄደው በ90 ነው» የሚል መልስ አነባለሁ። ግማሹ ልክ ነው። 90 መሆን ያለበት ግን በሳይኑ ውስጥ ያለው፣ ማለትም 2θ ነው፤ ስለዚህ θ 45 ይሆናል። ሌላው ደግሞ «የ0 እና የ90 መሃል ስለሆነ» ይለኛል። መልሱ ትክክል፣ ምክንያቱ ጎዶሎ። መሃል መሆን ብቻውን ለምን እንደማይበቃ ከታች ታዩታላችሁ።

ርቀቱ ተሰጥቶ አንግሉ ሲጠየቅ ካልኩሌተር አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው። ለ34.6 ሜትር 2θ 60 ነው ይላችኋል፤ የ120 ሳይንም ግን ያው 0.866 ነው። ስለዚህ 30ም 60ም ይሠራሉ። ከ45 እኩል ከፍና ዝቅ ያሉ አንግሎች እኩል ርቀት እንደሚሰጡ ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው ሥራው አሳይቷል።

ርቀታችሁ ኔጌቲቭ ከወጣ ካልኩሌተሩ ራዲያን ላይ ነው። አስተካክሉት።

የመጨረሻው የራሴ ጥፋት ነው። ከ15 ሜትር ጣሪያ ላይ በሰከንድ 10 ሜትር የሚወረወር ኳስ ከፍተኛ ርቀቱ ስንት ነው የሚል ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠራሁ። ሳላስብ 45 አስገብቼ 18.2 ሜትር አገኘሁ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «በ30 ሞክሬ 19.9 መጣልኝ እኮ» አለች። ላብ አጠመቀኝ።

ፎርሙላው የሚሠራው ኳሱ ከተነሣበት ከፍታ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው፤ ያውም የአየር መቋቋም ካልታሰበ። ከጣሪያ ላይ ሲሆን መውረጃው ከመውጫው ስለሚረዝም ያ «ሁለት እጥፍ» ፈረሰ፤ sin 2θም አብሮት ሄደ። ኳሱ ከፍታው ራሱ ጊዜ ስለሚሰጠው ፍጥነቱን ይበልጥ ወደ አግድም ቢያውለው ያዋጣዋል። የሚፈለገው አንግል የሚገኘው tan θ = v / √(v² + 2gh) በሚለው ነው፤ h የጣሪያው ከፍታ ነው። በእኛ ቁጥር 10/20 ይሆናል፤ አንግሉ 26.6 ዲግሪ አካባቢ፣ ርቀቱም 20 ሜትር። ልጅቷ ለትክክለኛው መልስ ከእኔ ይልቅ ቀርባ ነበር።