የሷ ጨረቃ ከሱ ማርስ ጋር ሲጋጭ

የሁለት ሰው የልደት ቻርት ስታነጻጽሩ ስኩዌር፣ ማለትም የ90 ዲግሪ ማዕዘን ካያችሁ ቶሎ አትደንግጡ። መጀመሪያ ለኩት። የሷ ጨረቃ ሸርጣን 12 ዲግሪ፣ የሱ ማርስ ሐመል 15 ዲግሪ ላይ ነው እንበል። በመካከላቸው 87 ዲግሪ አለ። ከ90 የጎደለው 3 ብቻ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ልዩነቱ ከ7 ወይም 8 ካለፈ ብዙ ኮከብ ቆጣሪዎች ይተዉታል።

እንደነሱ አባባል ማርስ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ጨረቃ ግን በሆዷ ትይዛለች። እሱ "እስካሁን አልለበስሽም እንዴ?" ብሎ ይጮህና ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ይስቃል። እሷ እስከ ማታ ታኮርፋለች። ስለዚህ ምክሩም ለየቅል ነው። እሱ ሲግል ወጣ ብሎ በእግሩ ይዙር፤ ግን "ተመልሼ እናወራለን" ብሎ ይውጣ። ዝም ብሎ ከሄደ ጨረቃ "ጥሎኝ ሄደ" ትላለች። እሷ ደግሞ የከፋትን በዚያው ቀን በግልጽ ትንገረው። ማርስ አሽሙር አይገባውም።

ኦፖዚሽን (180 ዲግሪ) ሲሆን አንዱ ሁሌ ተቆጪ፣ ሌላው ሁሌ ተከፊ ይሆናል ይላሉ። እዚያ ላይ ዝምተኛው ንዴቱን እንዲናገር፣ ተቆጪው መከፋቱን እንዲያምን ይመክራሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ! ጠዋት 2 ሰዓት የተወለደ ሰው ቻርቱን በሚያወጣው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ 8:00 ተብሎ ነው የሚገባው፤ ቀኑም ወደ ፈረንጆቹ ይቀየር። ጨረቃ በቀን 13 ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ የ6 ሰዓት ስህተት 3 ዲግሪ ገደማ ያዛባል።