«30 ፐርሰንት ከፈለ» ሲሏችሁ

የአክስቴ ልጅ ከዳላስ ደወለችልኝ። እዚህ ሐዋሳ ያለ አንድ አክሲዮን ማህበር አምና 30 ፐርሰንት የትርፍ ድርሻ መክፈሉን ሰምታለች። በዘመድ በኩል ሻጭም ተገኝቶላታል። «ባንክ ከማስቀምጠው ይሻላል፤ ውክልና ልላክልህና ፈርምልኝ» አለችኝ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ሪፖርቱን ልይልሽ አልኳት።

ሻጩን ሐይቅ ዳር አግኝቼው በጉባኤው ላይ የታደለውን ዓመታዊ ሪፖርት ተዋስኩት። ለስሌት እንዲቀል ቁጥሮቹን አጠጋግቼ ላሳያችሁ።

አንዱ አክሲዮን የተመዘገበበት ዋጋ 1,000 ብር ነው። ድርሻው 300 ብር ነበርና 30 ፐርሰንት መባሉ ውሸት አይደለም። ሻጩ ግን የሚጠይቀው 1,400 ብር ነው። እናንተ ከኪሳችሁ የምታወጡት 1,400 ስለሆነ 300ን ማካፈል ያለባችሁ ለ1,400 ነው። 21 ፐርሰንት ግድም ይመጣል፣ ያውም ግብር ሳይነሳለት። አገር ቤት ሰው ፐርሰንት ሲጠራላችሁ አብዛኛውን ጊዜ በተመዘገበው ዋጋ አስልቶ ነው።

21ም ቢሆን ያጓጓል። ትልቁ ነገር ግን ብሩ ከየት መጣ የሚለው ነው። ማህበሩ 100,000 አክሲዮን አለው። የተጣራ ትርፉ 32 ሚሊዮን፣ ያከፋፈለው 30 ሚሊዮን ብር ነው። ካተረፈው እያንዳንዱ 100 ብር 94ቱን አከፋፍሏል ማለት ነው። ለጥገናም፣ ለአዲስ መኪናም፣ ለክፉ ቀንም የቀረው ስድስት ብር ብቻ ነው።

ከዚያ «ሌሎች ገቢዎች» ከሚለው መስመር ጎን ያለችውን የማብራሪያ ቁጥር ተከትዬ ወደ ኋላ ገጾች ሄድኩ። 14 ሚሊዮኑ የመጣው ከአሮጌ መጋዘን ሽያጭ ነው። መጋዘን ደግሞ በየዓመቱ አይሸጥም። ከዋናው ሥራ የተገኘው ትርፍ 18 ሚሊዮን ብቻ፣ በአክሲዮን 180 ብር ነው። ማህበሩ ወደፊት ከዚህ ግማሹን ቢከፍል 90 ብር ይደርሳችኋል። 90ን ለ1,400 ስታካፍሉት 6.4 ፐርሰንት ነው። በስልክ 30 የተባለው ነገር በርጋታ ሲታይ ይኼ ነው።

የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫውንም አትለፉት። እኔ ባየሁት ሪፖርት የመጋዘኑ ገዢ ገንዘቡን ገና ከፍሎ አልጨረሰም፤ የማህበሩ የኦቨርድራፍት ዕዳ ደግሞ በ12 ሚሊዮን ጨምሯል። ስለዚህ ከድርሻው ከፊሉ የተከፈለው በብድር ነው። እንዲህ ያለ ድርጅት ብዙ ሳይቆይ አዲስ አክሲዮን ግዙ ብሎ ይመጣል። በአንድ እጁ የሰጣችሁን በሌላው መልሶ ይወስዳል። አልገዛም ካላችሁ ደግሞ በማህበሩ ውስጥ ያላችሁ ድርሻ ያንሳል።

ትንሽ የሚከፍል ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴም አይደለም። በአክሲዮን 250 ብር አትርፎ 100 የከፈለ ድርጅት 150ውን ለሥራ አስቀርቷል። ያ 150 በዓመት 20 ፐርሰንት የሚያስገኝ ሥራ ላይ ከዋለ የሚመጣው ዓመት ትርፍ በ30 ብር ያድጋል። ለዓመታት ትርፍ እያስቀረ በአክሲዮን የሚያገኘው ትርፍ ንቅንቅ ካላለ ግን ገንዘቡ የሆነ ቦታ እየባከነ ነው። ይህን ለማየት የአንድ ዓመት ሪፖርት አይበቃም፤ የአምስት ዓመቱን ጠይቁ። በስልክ ፎቶ ተነስቶ ቢላክላችሁም ይበቃል፣ የኦዲተሩ አስተያየት ያለበት ገጽ ብቻ እንዳይቀር።

በዶላር ለምታስቡ አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። 300 ብር ድርሻ በ57 ሲመነዘር ከአምስት ዶላር በላይ ነበር፤ በ100 ሦስት ዶላር ነው። ድርሻው በብር ምንም ሳይቀንስ ማለት ነው። ትርፉ ከዓመት ዓመት የማያድግ ድርጅት ዛሬ ብዙ ስለከፈለ ብቻ ከዚህ አያድናችሁም።

ውክልና ስትልኩ «የትርፍ ድርሻ ይቀበልልኝ» የሚለው ብቻውን አይበቃም። በጉባኤ ድምፅ መስጠትን፣ አዲስ አክሲዮን መግዛትን፣ ድርሻን መልሶ ለካፒታል ማዋልን ለየብቻ አስጽፉ። የማትፈቅዱት ካለም በግልጽ ይጻፍ። አለበለዚያ ወኪላችሁ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ «ድርሻው በሙሉ ይከፋፈል» ሲባል እጁን ያወጣል፣ እናንተ ግን የምትሰሙት ከወር በኋላ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ስሌቱን በቴሌግራም ላክሁላት። ለሻጩ 800 ብር አቀረበች። በዚያ ዋጋ 90 ብሩ 11 ፐርሰንት ይሆንላት ነበር። ሰውዬው አልሸጥም አለ፣ እሷም ውክልናውን ሳትልክ ቀረች።