ማሞቂያው ሲበራ ራስ ምታት፣ ከቤት ሲወጡ ጤና፦ የካርቦን ሞኖክሳይድ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሄ

ይህን የሚያነቡት ራስዎን እያዞረዎት ወይም የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያው እየጮኸ ከሆነ ምርመራው ይቆይ። የተኙትን ቀስቅሰው ሁላችሁም ውጡና ለድንገተኛ አገልግሎት ደውሉ። ምክንያቱ ሳይገኝ ማንም ተመልሶ አይግባ።

ችግሩ

ማሞቂያው ሲበራ ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ትኩሳት ግን የለም። ጉንፋን የቤቱን ሰው ተራ በተራ ይይዛል፤ ይሄኛው ብዙዎቹን በአንድ ማታ ይጥላል፣ ውሻና ድመትም አይቀሩለትም። ከቤት ሲወጡ ይሻላል፣ ሲመለሱ ያገረሻል። ከሁሉ በላይ መያዝ ያለበት ምልክት ይህ ነው።

«ምንም አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ እሳት በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣ መርዛማ ጋዝ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም ሁለቱን ስለማይለይ ጤነኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሲደርሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደጠረጠሩና ከቤት የወጡበትን ሰዓት ይናገሩ። ንጹሕ አየር ላይ ሲሆኑ በደም ያለው መጠን ከ4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ዘግይቶ የተደረገ የደም ምርመራ ነገሩን ሊያሳንሰው ይችላል።

ምንጩን መለየት

የተለመደ ሁኔታ እንውሰድ። የጋዝ ውሃ ማሞቂያው ወጥ ቤት ነው፣ ጭሱ በቱቦ ወደ ጣሪያ ይወጣል፣ ከምድጃው በላይ ደግሞ አየር ወደ ውጭ የሚስብ ፋን አለ። ሕመሙ የሚመጣው ማታ፣ ምግብ ሲበስልና መስኮቱ ሲዘጋ ነው።

ፈተናውን የሚያደርጉት ቤቱ በደንብ ተናፍሶ፣ ማንም ሳያመው፣ የሚሠራ ማንቂያ አጠገብዎ እያለ ብቻ ነው። በርና መስኮት ይዝጉ፣ ፋኑን ያጥፉ፣ ሙቅ ውሃ ከፍተው ማሞቂያውን ያስነሱ። ቀዝቃዛ ቱቦ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጭስ ሊመልስ ስለሚችል 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የሚጨስ ዕጣን ይዘው፣ ከማሞቂያው አናት ላይ ቱቦው ሥር ባለው ክፍት ዙሪያ ያንቀሳቅሱት። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ቱቦው ይስባል ማለት ነው። አሁን ፋኑን በከፍተኛው አብርተው ይድገሙት። ማንቂያው ከጮኸ ወይም ጭሱ ወደ ፊትዎ ከተመለሰ ማሞቂያውን አጥፍተው ይውጡ።

ፋኑ ሲበራ ብቻ ከተመለሰ፣ ቱቦው ላይዘጋ ይችላል። ፋኑ የሚያወጣውን አየር የሚተካ መግቢያ ቤቱ ስለሌለው በጭስ ቱቦው በኩል ቁልቁል ይስበዋል። የተመለሰው ጭስ እንደገና ወደ እሳቱ ይገባል፣ ኦክስጅን ያንሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም እየባሰ ይሄዳል። ሰማያዊ ነበልባል ጤነኛ እሳት መስሎ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። መፍትሄው የማይዘጋ የአየር ማስገቢያ በቴክኒሺያን ማሠራት ነው፤ የተሻለው ደግሞ አየሩን ከውጭ የሚወስድ ዝግ ማሞቂያ መግጠም ነው። መስኮት መክፈት ለጊዜው ይረዳል፣ ብርድ ሲመጣ ግን ሰው ይዘጋዋል።

ፋኑ ጠፍቶም ከተመለሰ፣ ቱቦው ተዘግቷል ወይም ተላቋል። የወፍ ጎጆ፣ የረገፈ ሲሚንቶ፣ የዛገ ቆርቆሮ የተለመዱ ናቸው። ጋዙን ይዝጉና ማሞቂያውን አይንኩት። ቱቦውን በዓይን ይከተሉት፦ አግድም የሚሄደው ክፍል በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲሜትር ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ መሃሉ የረገበ፣ ቀዳዳ ያለው፣ መጋጠሚያው በፕላስተር የተጠቀለለ ቱቦ መቀየር አለበት። ጠረጋውንና የጋዝ ሥራውን ለባለሙያ ይተዉ።

ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ የሚዋልል ከሆነ፣ ወይም በማሞቂያው ፊት ጥቀርሻ ካለ፣ ቱቦው ቢስብም እሳቱ በደንብ አይነድም። ብዙ ጊዜ የማቃጠያው የአየር መግቢያ በአቧራ ተደፍኖ ነው። ማስጠረግ ያስፈልጋል።

ማንቂያው ዝም ካለስ?

ዝምታው ዜሮ ማለት አይደለም። በሰሜን አሜሪካ መስፈርት የተሠራ ማንቂያ በ70 PPM፣ ማለትም ከሚሊዮን የአየር ክፍል 70ው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲሆን፣ የሚጮኸው ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ በ400 PPM ግን ከ4 እስከ 15 ደቂቃ። ዝቅተኛ መጠን ነፍሰ ጡርንና የልብ ሕመምተኛን ቀድሞ ይጎዳል። የጭስ ማንቂያ ደግሞ ይህን ጋዝ አይለይም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያውን ከመኝታ ክፍሎች ደጃፍ ይስቀሉት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመን ሲያልፍም ይቀይሩት።

ከጥገና በኋላ ቴክኒሺያኑ ከመሄዱ በፊት የዕጣኑን ፈተና በሩ ተዘግቶ፣ የቤቱ ፋኖች በሙሉ በርተው አብራችሁ ድገሙት። መስኮት ተከፍቶ ያለፈ ፈተና ስለዚያ ማታ ምንም አይናገርም።