ረጅም ምንባብ በሦስት ዓረፍተ ነገር

ምንባብ ስታሳጥሩ እያንዳንዱን ዝርዝር «ይህ ቢወጣ ቀጥሎ የመጣው ነገር ምክንያት ያጣል?» ብላችሁ ፈትኑት። ስለ 1966ቱ አብዮት የሚተርክ ምንባብ እንውሰድ። ቤንዚን በስንት ሳንቲም እንደጨመረ ቢቀር ምንም አይጎድልም፤ ዋጋው መጨመሩ ራሱ ከቀረ ግን የታክሲ ነጂዎቹ አድማ ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ቁጥሩ ይውጣ፣ ጭማሪው ይቆይ። በዚህ መንገድ የሚተርፈው ይህ ነው፦

«የወሎ ረሃብ መደበቁ ብዙዎችን አስቆጣ። በዚያ ላይ የቤንዚን ዋጋ ሲጨምር ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ መምህራንና ወታደሮችም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ተነሡ። በዚህ መሃል የተቋቋመው ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን ከሥልጣን አወረደ።»

«በዚያ ላይ» እና «በዚህ መሃል» የሚሉትን ቦታ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዳትቆርጧቸው። እነሱ ከሌሉ የቀረው የተበታተነ የዜና ርዕስ ነው።